በኪሎ 11.54 ዩሮ የታሰበው ቡና ፍራንክፈርት ሲደርስ 20.65 ዩሮ የሆነበት ስሌት

ፍራንክፈርት ውስጥ ካፌና የሐበሻ ዕቃ መሸጫ ያለው አንድ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ ተቆልቶ በ250 ግራም ከረጢት የታሸገ ቡና ለማዘዝ አሰበ። መጠኑ 120 ኪሎ፣ ማለትም 480 ከረጢት ነው። ላኪው ድርጅት የሰጠው ዋጋ በኪሎ 13.50 ዶላር ሲሆን፣ ከረጢቱንና ምልክቱን ጨምሮ፣ የኢትዮጵያን የወጪ ንግድ ሥነ ሥርዓት ጨርሶ ቦሌ ላይ ለጭነት አጓጓዡ እስከማስረከብ ድረስ ነው። በንግዱ ቋንቋ ኤፍ ሲ ኤ ቦሌ የሚባለው ውል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ በሙሉ የገዢው ነው።

ነጋዴው ወረቀት ላይ የጻፈው የመጀመሪያ ስሌት አጭር ነበር። ስልኩ ላይ ያየው ምንዛሪ 1 ዩሮ በ1.17 ዶላር ስለነበር ቡናው በኪሎ 11.54 ዩሮ መጣለት። የአየር ጭነቱ በኪሎ 3 ዶላር ነው ስለተባለ እሱን ደመረና በኪሎ 14.10 ዩሮ፣ በከረጢት 3.53 ዩሮ ብሎ ዘጋው። መሸጫውን በ6.50 ዩሮ ሊያደርግ አሰበ። ጀርመን ውስጥ የታሸገ ቡና ሲሸጥ 7 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስላለው ከ6.50ው ለእሱ የሚቀረው 6.07 ዩሮ ነው፤ ትርፉም በከረጢት 2.54 ዩሮ ሆኖ ታየው። ትእዛዙ ከመላኩ በፊት ስሌቱ ተመርምሮ እንደገና ሲሠራ ግን ያ ትርፍ ከ1 ዩሮ በታች ሆነ። የት የት እንደሄደ በየተራ እንየው። የዕቃው፣ የጭነቱና የምንዛሪው ዋጋ የዚህ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ነገ ይለወጣል። የግብሩ ምጣኔና የስሌቱ ቅደም ተከተል ግን በማንኛውም የተቆላ ቡና ላይ ይሠራል።

ካርቶኑን ሳይለኩ የጭነት ዋጋ አይታወቅም

የአየር ጭነት የሚከፈለው በቡናው የተጣራ ክብደት አይደለም። አጓጓዡ ሁለት ቁጥር ያወዳድራል፤ አንዱ ሚዛን ላይ የወጣው ጠቅላላ ክብደት ነው፣ ሌላው ካርቶኑ የሚይዘው ቦታ ወደ ኪሎ ተለውጦ የሚገኘው ነው። የበለጠውን ያስከፍላል። ለመለወጥ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል። ቤት ለቤት የሚያደርሱት ፈጣን መልእክት አመላላሾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለ5000 ነው የሚያካፍሉት።

የተቆላ ቡና ሲቆላ ያብጣል፤ ውሃውን አጥቶ ይቀልላል። ስለዚህ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም። ላኪው በመጀመሪያ ያቀረበው 40 በ40 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ነበር። በእያንዳንዱ 24 ከረጢት ሲገባ 20 ካርቶን ይሆናል። የአንዱ ይዘት 56,000 ስለሆነ ሃያው ለ6000 ሲካፈል 187 ኪሎ ይወጣል። ሚዛኑ ላይ ግን ቡናው፣ ከረጢቱና ካርቶኑ አንድ ላይ 140 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 47 ኪሎ አየር ነው፤ በኪሎ 3 ዶላር ሲባዛ 141 ዶላር ለባዶ ቦታ መክፈል ማለት ነው።

መፍትሔው ካርቶኑን ወደ 40 በ30 በ30 ማሳነስ ሆነ። ከረጢቶቹ ወደ ውጭ ብቻ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ስላላቸው ከመደርደራቸው በፊት በእጅ ተጫን ተጫን ተደርገው አየሩ ሲወጣላቸው ያው 24 ከረጢት በምቾት ይገባል። አሁን የቦታው ስሌት 120 ኪሎ፣ ሚዛኑ 140 ኪሎ ሆነ፤ የሚከፈለውም በ140ው ነው። ይኸው ካርቶን በፈጣን መልእክት ቢሄድ ኖሮ ለ5000 ሲካፈል 144 ኪሎ ይመጣ ነበር።

እንግዲህ የጭነቱ ሒሳብ 420 ዶላር ነው። ነጋዴው በ120 ኪሎ ስላባዛ 360 ብሎ ነበር የያዘው። ከዚያ በላይ የጭነት ሰነዱ፣ ማለትም የኤርዌይ ቢሉ፣ የደህንነት ፍተሻውና ጥቃቅኑ 60 ዶላር፣ የጭነት መድን 25 ዶላር መጣ። ቡናውን 1,620 ዶላር ጨምረን ጀርመን እስኪደርስ ያለው ድምር 2,125 ዶላር ነው።

ሦስት ዓይነት ምንዛሪ አለ

ስልክ ላይ የሚታየው 1.17 ባንኮች እርስ በርስ የሚገበያዩበት መካከለኛ ዋጋ ነው፤ ለአነስተኛ ነጋዴ በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ባንክ የለም። የነጋዴው ባንክ ዶላሩን የሸጠለት 1 ዩሮ በ1.13 አድርጎ ነው። በ2,125 ዶላር ላይ ልዩነቱ 64.29 ዩሮ ይሆናል። ባንኩ ይህንን ልዩነት የአገልግሎት ክፍያ ብሎ ስለማይጽፈው ብዙ ሰው ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም። ተመኑን ከማዘዝ በፊት ባንኩን ጠይቆ መያዝ ነው የሚሻለው።

ሦስተኛው ተመን የጉምሩኩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የወሩ የጉምሩክ ተመን የሚወሰደው በቀደመው ወር ከመጨረሻው ረቡዕ በፊት ባለው ረቡዕ ላይ ከወጣው ሲሆን ወሩን ሙሉ ይሠራል። ዕቃው በገባበት ወር የነበረው 1.16 ነው። ለግብር ማስሊያ የሚያገለግለው ይህ ብቻ ነው፤ ነጋዴው በስንት ገዛው የሚለው ጉምሩኩን አይመለከተውም። ስለዚህ 2,125 ዶላሩ ለኪስ ሒሳብ 1,880.53 ዩሮ፣ ለግብር ሒሳብ ደግሞ 1,831.90 ዩሮ ነው። ሁለቱን አንድ አምድ ውስጥ የሚቀላቅል ሰው ስሌቱ ከጉምሩኩ ወረቀት ጋር ፈጽሞ አይገናኝለትም።

ገንዘቡ ሲላክ የሐዋላው ክፍያ 30 ዩሮ ነበር፣ ወጪውን ሁሉ ገንዘቡን የሚልከው ሰው ይችላል በሚለው አማራጭ። ባንኩ ፎርም ላይ OUR ተብሎ የተጻፈው ነው። SHA የሚለው ይረክሳል፤ ግን መሐል ላይ ያለው ባንክ የራሱን ቆርጦ ስለሚያሳልፍ አዲስ አበባ የሚገባው ከኢንቮይሱ ያነሰ ይሆናል። ላኪው ደግሞ የወጪ ንግድ ፈቃዱንና የገባለትን ዶላር በባንኩ በኩል ማስታረቅ አለበት። ለ20 ዶላር ሲባል ካርቶኖቹ ቦሌ ላይ ሲጠብቁ ማየት ደስ አይልም።

ቀረጡ ዜሮ የሚሆነው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲኖር ነው

የአውሮፓ ኅብረት የታሪፍ መዝገብ ስሙ ታሪክ ነው፣ TARIC ተብሎ ይጻፋል። (ለእኛ ጆሮ ደስ የሚል ስም ነው።) ካፌኑ ያልወጣለት የተቆላ ቡና እዚያ ውስጥ ቁጥሩ 0901 21 00 ሲሆን መደበኛ ቀረጡ 7.5 በመቶ ነው። ያልተቆላው ጥሬ ቡና ግን ከየትም ቢመጣ ዜሮ ነው። ኢትዮጵያ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ባሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም ነገር የተባለው የኅብረቱ ቅናሽ ስለሚሠራላት የተቆላውም ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ይህ ግን በራሱ አይሆንም። ላኪው ኢንቮይሱ ላይ ወይም ሌላ የንግድ ሰነድ ላይ የመነሻ አገር መግለጫ መጻፍ አለበት፤ ቃሉም የተወሰነ ነው፦

```
The exporter ... of the products covered by this
document declares that, except where otherwise
clearly indicated, these products are of Ethiopian
preferential origin according to rules of origin of
the Generalised System of Preferences of the European
Union and that the origin criterion met is P.
```

መጨረሻ ላይ ያለው P ቡናው ሙሉ በሙሉ እዚያው አገር የበቀለ ነው ማለት ነው። በጭነቱ ውስጥ ያለው የቡናው ዋጋ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ማንኛውም ላኪ ሊጽፈው ይችላል። ከበለጠ ግን ላኪው ሬክስ በተባለው የኅብረቱ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን በነጥቦቹ ቦታ ማስፈር ይኖርበታል። የእኛው ጉዳይ ከ1,500 ዩሮ በታች ስለሆነ ቁጥሩ አያስፈልግም።

ስህተቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የላኪው የመጀመሪያ ረቂቅ ኢንቮይስ መግለጫው አልነበረውም። በምትኩ የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት የመነሻ ሰርተፊኬት ተያይዞ ነበር። ያ ሰነድ ቡናው ከየት እንደመጣ ለስታቲስቲክስ ይናገራል እንጂ ቀረጥ አያስቀንስም። ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ቢጎድል ኖሮ እስከ 137 ዩሮ ድረስ ቀረጥ ይከፈል ነበር። ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም ለቀረጥ የሚታሰበው የአየር ጭነቱ እስከ ኅብረቱ ድንበር ያለው ድርሻ ብቻ ነው። መግለጫው በኋላ ቀርቦ ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል፤ ደብዳቤው ግን ከገንዘቡ ይረዝማል።

ማንም ያልነገረው ግብር

ጀርመን በተቆላ ቡና ላይ ልዩ ግብር አላት፤ ካፌሽቶየር ይሉታል። በኪሎ 2.19 ዩሮ ነው። ቡናው ርካሽም ይሁን ውድ፣ ከይርጋጨፌም ይምጣ ከብራዚል ልዩነት የለውም፤ የሚከፈለው በተጣራ ክብደት ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ዕቃ ቀረጥ የለበትም የሚለውን ሰምቶ ሒሳቡን የሚዘጋ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የቀረጥ ቅናሹ ይህንን ግብር አይነካውም፣ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

120 በ2.19 ሲባዛ 262.80 ዩሮ ነው። በነጋዴው የመጀመሪያ ወረቀት ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር በቅርብ ማየት ይገባል። የላኪው የዕቃ ዝርዝር፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ የተጣራ ክብደት በሚለው አምድ 140 ኪሎ፣ ጠቅላላ ክብደት በሚለውም 140 ኪሎ ጽፎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ማንንም አይጎዳም። ፍራንክፈርት ላይ ግን ጉምሩኩ ግብሩን የሚያሰላው በተጣራው አምድ ነው፤ 20 ኪሎ ካርቶንና ከረጢት እንደ ቡና ተቆጥሮ 43.80 ዩሮ ሊጨምር ነበር፣ በላዩም ተጨማሪ እሴት ታክሱ። ሰነዱ ከመላኩ በፊት 480 ከረጢት በ250 ግራም፣ የተጣራ 120 ኪሎ ተብሎ ተስተካከለ።

ቡናውን ይህ ግብር በሌላት በሆላንድ በኩል አስገብቶ በመኪና ወደ ጀርመን ማምጣትስ? ለንግድ ከሆነ ግብሩ ጀርመን ሲገባ ይከተለዋል፤ እንዲያውም ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ለጉምሩክ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ጥሬ ቡና አምጥቶ እዚያው መቁላትም ግብሩን አያስቀረውም፤ ሲቆላ ይወለዳል። ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚጠፋ የጥሬውና የተቆላው ኪሎ ዋጋ በቀጥታ አይነጻጸርም።

ተጨማሪ እሴት ታክሱ በምን ላይ ይታሰባል

ዕቃ ሲገባ የሚከፈለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ለቡና 7 በመቶ ነው። በቡናው ዋጋ ላይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መሠረቱ ግን የዕቃው ዋጋ፣ ጭነቱና መድኑ፣ ካለ ቀረጡ፣ የቡናው ግብር፣ እንዲሁም ጀርመን ውስጥ እስከ መጀመሪያው መድረሻ ያለው የመጓጓዣና የዕቃ አያያዝ ወጪ ነው። ግብር በግብር ላይ ይታሰባል ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ 1,831.90 ዩሮ፣ ሲደመር 262.80፣ ሲደመር የጭነት ጣቢያው አያያዝ 85ና እስከ ሱቁ ማድረሻው 65፣ በድምሩ 2,244.70 ይሆናል። ሰባት በመቶው 157.13 ዩሮ ነው።

ይህ ገንዘብ ወጪ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ በነጋዴው የግብር ሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ ሰብስቦ የሚያስረክብ ነጋዴ 157.13ቱን በሚቀጥለው መግለጫው ያቀናንሰዋል፤ ለጥቂት ሳምንታት ከኪሱ ይወጣል እንጂ ዋጋው ውስጥ አይገባም። ክላይንኡንተርነህመር በሚባለው የአነስተኛ ነጋዴ ሥርዓት ውስጥ ያለ ግን አያስመልሰውም፤ በኪሎ 1.31 ዩሮ ይጨመርበታል። የእኛው ሰው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የቡናው ግብር 262.80 ግን ለማንም አይመለስም።

ትራንዚተሩና የቀረው

ፍራንክፈርት ያለው ትራንዚተር ከአያያዙና ከማድረሻው በተጨማሪ ለጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ 140 ዩሮ ጠየቀ። ለተራ ዕቃ ከዚህ ያነሰ ነበር፤ የቡናው ግብር ተጨማሪ መግለጫ ስለሚያስፈልገው ነው የጨመረው። ሥራውን ከመስጠት በፊት የተቆላ ቡና ነው ብሎ መናገር ይገባል፣ አለዚያ ሒሳቡ በኋላ ተሻሽሎ ይመጣል። ግብሩን ለጉምሩክ በቅድሚያ ስለከፈለለትም 15 ዩሮ ወሰደ። የክፍያው ውል ከተከፈለው 2.5 በመቶ፣ ቢያንስ ግን 15 ዩሮ የሚል ነው። አራቱ ሲደመሩ 305 ዩሮ ነው። ነጋዴው ኢ ኦ አር አይ የተባለውን የአስመጪ ቁጥር ከጉምሩክ በነጻ አስቀድሞ አውጥቶ ነበር፤ ያለ እሱ የንግድ ዕቃ አይለቀቅም። ቡና በኅብረቱ የደን ጭፍጨፋ ደንብም ውስጥ ስላለና የትግበራ ቀኑ ደጋግሞ ስለተራዘመ፣ በትእዛዙ ጊዜ ምን ሰነድ እንደሚጠየቅ ትራንዚተሩን መጠየቅ አይቀርም። በዚህ ጭነት ላይ በዚህ ምክንያት የተከፈለ ነገር የለም።

ሁሉም በአንድ መስመር ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦

```
(1620 + 480 + 25) / 1.13   = 1880.53
ሐዋላ                        =   30.00
120 × 2.19                 =  262.80
85 + 140 + 65 + 15         =  305.00
ድምር                        = 2478.33
ለ120 ኪሎ ሲካፈል              =   20.65
```

ከ14.10 እስከ 20.65 ያለው የ6.55 ዩሮ ልዩነት ሲባዛ 786 ዩሮ ነው። ትልቁን ድርሻ የያዘው ትራንዚተሩ ነው፣ ከዚያ የቡናው ግብር፤ ጭነቱ ላይ የተረሳው 124 ዩሮ ገደማ፣ ምንዛሪውና ሐዋላው አንድ ላይ 94 ገደማ። ብዙ ሰው የሚጨቃጨቀው ከላኪው ጋር በኪሎ 50 ሳንቲም ለማስቀነስ ነው። ያ ቢሳካ 60 ዶላር ነው።

ነጋዴው መጀመሪያ በ60 ኪሎ ልሞክረው ብሎም ነበር። ሐሳቡ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። የትራንዚተሩና የባንኩ 335 ዩሮ፣ የሰነዱና የመድኑ 85 ዶላር፣ መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ እምብዛም አይቀንሱም። በ60 ኪሎ ሲሠራ ጠቅላላው 1,444 ዩሮ፣ በኪሎ 24.07 ይሆናል። በሌላ በኩል መጠኑን ከመጠን በላይ ከፍ ማድረግም አይሆንም፤ የተቆላ ቡና ከረጢቱ ውስጥም ቢሆን በወራት ውስጥ መዓዛውን ያጣል፣ ሱቁም በወር የሚሸጠው የታወቀ ነው።

የመጨረሻው ማስተካከያ ከረጢቶቹ ራሳቸው ናቸው። ለቅምሻ የሚከፈተው፣ በጉዞ ላይ ቫልቩ የተበላሸው፣ ጫፉ የተቀደደው ተደምሮ 12 ከረጢት ተያዘ። ወጪው በ480 ሳይሆን በ468 ሲካፈል አንዱ 5.30 ዩሮ ነው። በ6.50 ቢሸጥ ለነጋዴው የሚቀረው 77 ሳንቲም ብቻ ነበር። ከዚያም ላይ የሱቅ ኪራይና የሠራተኛ ይነሳል። የመሸጫ ዋጋው 8.50 ሲሆን ታክሱ ተቀንሶ 7.94 ይቀራል፣ ትርፉም 2.64 ይሆናል፤ መጀመሪያ ከታሰበው ጋር የሚቀራረበው ይህ ነው። ትእዛዙ የተላከው በዚህ ዋጋ ቡናው ይሸጣል ወይ ተብሎ በሱቁ ካለው ሌላ የኢትዮጵያ ቡና ጋር ከተነጻጸረ በኋላ ነው፤ ያ በ250 ግራም 8.90 ይሸጥ ነበር።